ባለ ሦስት ክፍል ፎቶ ዳምፕ፦ የመጀመሪያው ክፍል ካፕሽን የት ላይ ይቁም?

የፒያሳ ሌንስ (ክሩን የከፈተ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው እሑድ ጧት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ድረስ በእግራችን ወርደን ነበር፤ ካነሣናቸው ፎቶዎች መርጬ 41 አስቀርቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለጠፍ ስላልፈለግሁ 15፣ 14 እና 12 አድርጌ በሦስት ክፍል ከፈልኋቸው። ኢንስታግራም ላይና በቴሌግራም ቻናሌ ላይ ነው የማወጣው።

ጉዞው ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። ቴዎድሮስ አደባባይን ከሴባስቶፖል መድፍ ጋር አንሥተን ወደ ታች ስንቀጥል፣ ኮት የለበሱ አንድ አባት አስቆሙንና ከውስጥ ኪሳቸው የታጠፈ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡ። ፎቶው ከግማሹ የተቀደደ ነው። በቀረው ወገን እርሳቸው በወጣትነታቸው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የሐውልት መሠረትና የአንበሳ እግር ይታያል፤ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ከተቀደደው ወገን የመጣ የሌላ ሰው እጅ አርፏል። «እዚህ ቦታ ቆሜ አንዴ አንሡኝ» አሉን፤ እኛም አብረናቸው ሄድን።

ለክፍል አንድ ያዘጋጀሁት ካፕሽን ይህ ነው፦ «ፒያሳን በእግር፣ ክፍል 1። በሚቀጥለው ክፍል ፈጽሞ ያልጠበቃችሁት ነገር ይኖራል፤ እንዳያመልጣችሁ!» ባለፈው ወር ለሌላ ፎቶ ዳምፕ ተመሳሳይ ነገር ጽፌ፣ ክፍል ሁለትን ያየልኝ ሰው ከክፍል አንዱ እጅግ ያነሰ ነበር። ጉድለቱ የት ላይ ነው?

ሰባ ደረጃ፦
ጉድለቱ የካፕሽኑ ርዝመት ነው። ኢንስታግራም ካፕሽንን 125 ቁምፊ ላይ ቆርጦ ቀሪውን ይደብቀዋል፤ ስለዚህ ልክ 125ኛዋ ላይ ዓረፍተ ነገሩን አቋርጠው፤ ልብ አንጠልጣይነቱን መተግበሪያው ራሱ ይሠራልሃል። በተጨማሪም ፌስቡክ እንዲህ ዓይነቱን «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ስለሚቀጣ፣ እዚያ ባትለጥፈው ይሻላል።

ደጃች ውቤ ሰፈር፦
እኔም ይኸው ችግር አለብኝ። ፎቶዎቹ ስልኬን ሞልተውት አዲስ ማንሣት አልቻልሁም። ወደ ኮምፒዩተር በክፍል በክፍል ሳስተላልፍ መሀል ላይ ይቋረጥብኛል። መፍትሔ ያለው ሰው ቢነግረኝ።

የፒያሳ ሌንስ፦
@ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ወንድሜ፣ የእኔ ጥያቄ ፎቶ ስለ መለጠፍ እንጂ ስለ ማከማቸት አልነበረም። ለዚያኛው የተለየ ክር ብትከፍትለት የሚያውቁ ሰዎች ይመልሱልሃል።

ሰያፍ፦
የሌሎች ሰዎችን ገጽ ካፕሽን እየጻፍሁ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ፣ ከጥያቄው መሠረት ልጀምር።

ያዘጋጀኸው ካፕሽን የሚያንጠለጥለው ነገር የለውም። «ያልጠበቃችሁት ነገር» የሚለው ሐረግ ማንኛውም ፎቶ ሥር ሊገባ ይችላል፤ አንባቢው ምን እንደ ጎደለው ስላላወቀ ሊፈልገው አይችልም። እንቆቅልሽ ስንጫወት ያደግንበትን ሥርዓት አስበው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠያቂው ነገሩን በመልኩና በጠባዩ ይነግረናል። መልሱን ብቻ ይሸሽጋል እንጂ ጥያቄውን አይሸሽግም። አንተ የሸሸግኸው ጥያቄውን ራሱን ነው።

አባት ከኪሳቸው ፎቶ ማውጣታቸው ግን የተሟላ ጥያቄ ነው፤ በእጅህ እያለ አልተጠቀምህበትም። እኔ ብሆን ክፍል አንድን በዚህ እጀምረው ነበር፦

«ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ስንወርድ አንድ አባት አስቆሙንና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ፎቶ አወጡ።»

እዚያው ነጥብ አድርጌ አቆማለሁ። ፎቶው ላይ ምን እንዳለ አልናገርም፤ «ጠብቁን» አልልም፤ ከሥሩ «ክፍል 1 ከ3» ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። አንባቢው «ምን ነበረበት?» ብሎ የሚጠይቀው ራሱ ነው።

@ሰባ ደረጃ ያነሣኸው የ125 ቁምፊ ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ግምት እንጂ መቁረጫ መስመር አይደለም። በተግባር የሚታየው የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው፤ እርሱም በስልኩ ስፋትና በፊደሉ መጠን ይለያያል። የእኛ ፊደል ደግሞ አንዱ ሆሄ ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ፣ በትንሽ ቁምፊ ብዙ ቃል እንጽፋለን፤ ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ወደ 65 ቁምፊ ብቻ ነው። ለመተግበሪያው ቆርጦ እንዲያስቀርልህ መተው ግን አያዋጣም፤ ምክንያቱም በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ መሀል ላይ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ማን ምን እንዳደረገ ሳይናገር ይቀራል። አንባቢው የሚያየው ድርጊት የሌለበት የስሞች ድርድር ይሆናል፤ ይህ ጉጉትን ሳይሆን ግራ መጋባትን ነው የሚፈጥረው። ግሡ መጥቶ መልሱ መቅረት አለበት።

ስለ ፌስቡክ የተባለውም መስተካከል አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭታቸውን እቀንሳለሁ ያለው መረጃ ደብቀው ሰውን ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚጎትቱ ርዕሶችን ነው፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ ላይክ፣ ኮሜንት፣ ታግና ሼር የሚለምኑ ጽሑፎችን። የራስን ታሪክ በክፍል መተረክ ከሁለቱም አይገባም። «ክፍል ሁለት እንዲለቀቅ 100 ላይክ» ብለህ ከጻፍህ ግን ሁለተኛው ውስጥ በትክክል ትገባለህ።

የመልስ ካሜራ፦
እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝና፣ ካፕሽን በክፍል መጻፍ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የራሴን ልናገር። አንድ ሠርግ በአራት ክፍል ሳወጣ፣ የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ፎቶ ሙሽራዋ ዓይኗን በመሐረብ ስትጠርግ የሚያሳይ ነበር። እኔም ልብ አንጠልጣይ ይሆናል ብዬ «ሙሽራዋን ምን አስለቀሳት? ክፍል 3 ነገ» ብዬ ጻፍሁ። ያስለቀሳት የአባቷ ምርቃት ነበር። ክፍል ሦስት እስኪወጣ ግን አንድ ሌሊት አለ፤ በዚያ ሌሊት ከዘመድ ወደ ዘመድ ስልክ ተደዋውሎ፣ ወሬው «ሳትፈልግ ተድራ ነው» እስከ መባል ደረሰ። ጧት የሙሽራዋ ታላቅ እኅት ደውላ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ካፕሽኑን አስተካከልሁት፤ ሰው ግን ቀድሞ ስክሪን ሾት አንሥቶት ነበር።

ስለዚህ አንተን የምጠይቅህ፣ አባት ፈቅደዋል ወይ? ደግሞስ ሰው በመሀል የሚሞላው ግምት እርሳቸውን የሚያሳፍር ሊሆን አይችልም?

የፒያሳ ሌንስ፦
@የመልስ ካሜራ፣ እህቴ፣ ፎቷቸውን እንድለጥፍ ፈቅደውልኛል፤ ስልካቸውንም ተቀብያለሁ። የተቀደደውን ፎቶ ላሳይ ወይ ብዬ ግን ለይቼ አልጠየቅኋቸውም። ዛሬ እደውላለሁ።

@ሰያፍ፣ የክፍል አንዱ ገብቶኛል። ለክፍል ሁለት ያሰብሁት ይህ ነው፦ «ይህ አንበሳ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከአጠገባቸው የቆመችውስ ማን ናት? መልሱ በክፍል 3!»

ሰባ ደረጃ፦
ለገሃር ነዋ! አንበሳ ከተባለ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው፤ ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ጣልያን ወደ ሮም ወስዶት የነበረው፣ በኋላ የተመለሰው። ክፍል 3 ድረስ ማን ይጠብቃል?

ሰያፍ፦
ሰባ ደረጃ ሳያውቀው ትልቅ ጥቅም ሰጥቶናል። አንባቢው በአንድ ሴኮንድ የሚመልሰው ጥያቄ ክፍልን ሊያንጠለጥል አይችልም፤ ኮሜንቱ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ይመልሰዋል፣ ሌላው ያነበዋል፣ በቃ። ሆኖም መልሱ ሙሉ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ሁለት አንበሳ አለ፤ ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው የድንጋይ አንበሳም አለ። የፒያሳ ሌንስ፣ እናንተ በመጀመሪያ የሄዳችሁት ወደየትኛው ነበር?

የፒያሳ ሌንስ፦
ወደ ብሔራዊ ቴአትሩ ነበር፤ ፎቶው የደበዘዘ ስለሆነና የሚታየው የመሠረቱ ጫፍና እግሩ ብቻ ስለሆነ እኛም መለየት አልቻልንም፤ እዚያ ደግሞ ቅርብ ነበርን። አባት ጥቂት ቆመው ዞር ዞር ብለው አዩና ራሳቸውን ነቅንቀው «ይህ አይደለም» አሉ። ከዚያ ነው ወደ ለገሃር የወረድነው።

ሰያፍ፦
እንግዲያውስ የክፍል ሁለት መቆሚያህ «ይህ አይደለም» የሚለው ቃል ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ክፍል ሁለት ሁለት ሥራ አለበት። አስቀድሞ የክፍል አንድን ዕዳ መክፈል አለበት፤ ይኸውም ፎቶው ምን እንደሆነ በመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር መንገር። በእንቆቅልሽ «አገር ስጠኝ» ያለ ሰው አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ሳይናገር ወደ ሌላ እንቆቅልሽ አይሻገርም፤ ቢሻገር ልጆቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የአንዱን ጥያቄ ሳይመልስ ሁለተኛ ይጨምራል፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ አንባቢውም እየተጎተተ መሆኑ ይገባዋል። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ነው አዲስ ጥያቄ የሚከፈተው። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ክፍል 2 ከ3። የታጠፈው ፎቶ ከግማሹ የተቀደደ ነው፤ በቀረው ወገን እርሳቸውና የአንበሳ እግር አሉ። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ አንበሳው ሥር ስንደርስ ቀና ብለው አዩትና ‹ይህ አይደለም› አሉን።»

ሰባ ደረጃን የመሰለ አንባቢ «እኔ ብነግራችሁ፣ ለገሃር ሂዱ!» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ምንም አይጎዳህም። ቦታውን መገመት ይችላል፤ አባት እዚያ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ ግን ሊገምት አይችልም። ጥያቄው ከ«የት» ወደ «ምን ሆነ» ተሸጋግሯል።

አሁን ወደ ቋንቋው። «ከአጠገባቸው የቆመችው» ብለህ ጻፍህ። ሴት መሆኗን አባት ነግረውሃል ወይስ ገምተህ ነው? አማርኛ በግሡ ላይ ጾታንና ቁጥርን ስለሚያስር፣ ሳታስበው መልሱን ትናገራለህ፤ ወይም ከዚያ የባሰ፣ የማታውቀውን መልስ ትናገራለህ። «የቆመው» ብትልም ያው ነው። «አንድ እጅ ትከሻቸው ላይ አርፏል» ብትል ግን እጁ የማን እንደሆነ ዓረፍተ ነገሩ አይገልጽም። አንቱታም ለዚህ ይጠቅማል፤ «አስቆሙን» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት፣ አንድ ይሁኑ ብዙ አይለይም። በክፍል አንድ «አንድ አባት» ከማለት «አንድ ትልቅ ሰው» ብትል ኖሮ እርሱም ተሸሽጎ ይቆይ ነበር፤ ግን እዚያ መሸሸጉ ምንም አይጨምርልህም፣ ስለዚህ ተወው።

የፒያሳ ሌንስ፦
ገምቼ ነበር። እጁ የማን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም። እንግዲህ ዋናው ጭንቀቴ ይህ ነው፤ ክፍል ሦስት ላይ የምመልሰው መልስ የለኝም ማለት ነው።

ሰያፍ፦
የሌለህን መልስ ቃል አትግባ። «እጁ የማን ነው? በክፍል 3» ብለህ ከጻፍህ የማትከፍለው ዕዳ ነው። እጁን ፎቶው ላይ አሳየው፤ ካፕሽኑ ግን ስለ እጁ አይጠይቅ። ካፕሽኑ የጠየቀውን ካፕሽኑ ይመልስ፤ ፎቶው የጠየቀው ግን ክፍት ሊቀር ይችላል።

የመልስ ካሜራ፦
እዚህ ላይ ከሰያፍ ጋር አልስማማም። ሰው ካፕሽንና ፎቶን ለያይቶ አያይም። እጁን አሳይተህ ዝም ካልህ ኮሜንቱ ሁሉ ስለ እጁ ይሆናል፤ «ፍቅረኛቸው ናት»፣ «ተጣልተው ቀደዷት» ይባላል። እኔ የደረሰብኝ ይኸው ነው። ወይ እጁን ከክፈፉ አስወጣው፣ ወይ አባትን ጠይቅ።

ሰባ ደረጃ፦
እጁን ካስወጣኸውማ ምን ቀረ? ታሪኩ እጁ ነው!

ሰያፍ፦
የመልስ ካሜራ ያነሣችው ተገቢ ነው፤ እኔም የምመልስላት የለኝም፤ ውሳኔው የአባት ነው። እኔ ስለ አቀማመጡ ጥቂት ልጨምር፤ ካፕሽን ብቻውን አይሠራምና።

ኢንስታግራም ላይ አንድ ልጥፍ እስከ 20 ፎቶ ይይዛል፤ ከ2024 በፊት 10 ነበር፤ ስለዚህ 15ቱ ያለ ችግር ይገባሉ። አንባቢው አንድ በአንድ እያንሸራተተ ስለሚሄድ፣ የመጨረሻው ፎቶ ካፕሽኑ የቆመበት ቅጽበት ላይ መቆም አለበት፤ ለክፍል አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ያለበት ወይም ፎቶው ገና እንደ ታጠፈ ያለበት ካለህ እርሱን አድርግ። የተዘረጋው ፎቶ 15ኛው ላይ ካለ፣ ካፕሽኑ የሸሸገውን ፎቶው አወጣው ማለት ነው።

ቴሌግራም ግን የተለየ ነው። እዚያ አልበም የሚይዘው 10 ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም ፎቶዎች በአንድ ጊዜ ተደርድረው ይታያሉ፤ «መጨረሻ» የሚባል ፎቶ የለም። ስለዚህ ለቴሌግራም ከየክፍሉ ከ10 ያልበለጠ ምረጥ። ወደ ሁለት አልበም ከከፈልኸው ካፕሽኑ ከአንደኛው ጋር ብቻ ይቀራል፤ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ወደ ግሩፑ ፎርዋርድ ሲያደርገው ያለ ምንም ማብራሪያ ይዞራል። ካፕሽኑን አንደኛው ፎቶ ላይ ብቻ ጻፈው፤ ሁለት ፎቶ ላይ ከጻፍህ ከአልበሙ ሥር አይታይም። ክፍል ሁለትን ስታወጣ ደግሞ ለክፍል አንድ ሪፕላይ አድርገህ ለጥፈው፤ አዲስ የመጣ ሰው በአንድ ንክኪ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ሽፋኑን ነው። የኢንስታግራም ገጽህ ላይ አዲሱ ልጥፍ ከላይ ስለሚቀመጥ፣ ወደ ገጽህ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የክፍል ሦስትን ሽፋን ነው። አባት ለገሃር አንበሳ ሥር የቆሙበትን ሽፋን ካደረግኸው፣ ክፍል አንድንና ሁለትን ገና ላላየው ሰው ታሪኩ አልቋል። ልጥፎቹ በፊዱ ላይም በቅደም ተከተል አይመጡም፤ ለአንዳንዱ ሰው ክፍል ሁለት ቀድሞ ይደርሰዋል። «ክፍል 2 ከ3» የሚለውን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥሁት ለዚህ ነው።

ሰባ ደረጃ፦
በክፍሎቹ መካከል ስንት ቀን ይሁን? እኔ ሳምንት እላለሁ፤ ጉጉት ይብሰላል።

ሰያፍ፦
በሳምንት ውስጥ ይረሳል። የሬዲዮ ትረካ ሳምንት የሚጠበቀው ሰዓቱ የታወቀ ስለሆነ ነው፤ ፎቶ ዳምፕ ግን ቀጠሮ የለውም። እኔ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በአንድ ሰዓት አወጣለሁ፤ ሦስቱም ተጽፈው ካላለቁ ደግሞ የመጀመሪያውን አልለጥፍም።

የፒያሳ ሌንስ (ከአራት ቀን በኋላ)፦
ወሬውን ላድርሳችሁ። አባትን ደውዬ ጠየቅኋቸው፤ የተቀደደውን ፎቶ ማሳየት ፈቀዱ፤ «እጁን ግን ተወው» አሉኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ስለዚህ እጁ እንዳይታይ አድርጌ በቅርብ አንሥቼ የነበረውን፣ የአንበሳውን እግርና የሐውልቱን መሠረት ብቻ የሚያሳየውን አወጣሁ።

ክፍል አንድን ሰያፍ በጻፈልኝ ዓረፍተ ነገር አወጣሁት፤ መጨረሻው ፎቶ የታጠፈው ወረቀት መዳፋቸው ላይ ሆኖ ነው። «ምን ነበረበት?» ብለው የጻፉ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ እኔ አንዱንም እንዲጠይቅ አልለመንሁም። ክፍል ሁለት ላይ እንደ ተባለው «ለገሃር ነው!» የሚል ጎረፈ። አንድ ስሕተት ሠራሁ፤ ቴሌግራም ላይ 14ቱንም በሁለት አልበም ለቀቅኋቸው፤ ሁለተኛው አልበም ያለ ካፕሽን ሦስት ግሩፕ ውስጥ ሲዞር አገኘሁት፤ አንድ ሰው እንዲያውም የሟች መታሰቢያ መስሎት «ነፍስ ይማር» ብሎበታል። አባት በሕይወት አሉ፤ ወዲያው ጽፌ አረምሁ።

ክፍል ሦስት ነገ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይወጣል። ሽፋኑ የባቡር ጣቢያው ሕንፃ ነው፤ አባት የሚታዩት 12ኛው ላይ ነው። ካፕሽኑ፦

«ክፍል 3 ከ3። ለገሃር ስንደርስ ሳንነግራቸው ራሳቸው ቦታቸውን መርጠው ቆሙ። ከቀኝ ትከሻቸው በኩል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትተው ‹አሁን አንሡኝ› አሉ።»

የመልስ ካሜራ፦
እጁን አስወጥተህ ክፍት ቦታውን ጻፍኸው እኮ። ይህንንስ ጠይቀሃቸዋል?

የፒያሳ ሌንስ፦
አልጠየቅኋቸውም። ጧት አነብላቸዋለሁ፤ «አይሆንም» ካሉ «አሁን አንሡኝ» የሚለው ብቻ ይቀራል።